የመብራት ሽቦና እንጨት ከመንገድ ፎቶ ላይ ማጥፋት፦ የቤቱ ጠርዝ እንዳይጎብጥ ምን ላድርግ?

የጦሳ ግርጌ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ደሴ ፒያሳ ላይ የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ የማዕዘን ቤት ፎቶ አንሥቼ ነበር። ባለቤቱ ነጋዴ ናቸው፤ ፎቶውን በ120 ሴንቲ ሜትር ስፋት አሳትመው ሱቃቸው ውስጥ ሊሰቅሉት ስለፈለጉ፣ ከፊቱ የሚያልፉት የመብራት ሽቦዎችና አንድ የመብራት እንጨት እንዲጠፉላቸው ጠየቁኝ። ሽቦዎቹ አራት ናቸው። ሦስቱ ሰማዩን ብቻ አቋርጠው ያልፋሉ። አራተኛው ግን ከሰማዩ ወርዶ የቆርቆሮውን ጫፍና አሸንዳውን ካቋረጠ በኋላ፣ ግድግዳው ላይ ከተተከለች ትንሽ ብረት ጋር ይታሰራል። እንጨቱ ደግሞ የታፔላውን የመጨረሻ ሁለት ፊደላትና የአንዱን መስኮት ግራ ጠርዝ ሸፍኗል።

ፎቶሾፕ ላይ Spot Healing Brush ይዤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሄድኩበት። ሰማዩ ላይ ከዚህ ቀደም አንዳች ነገር የነበረ አይመስልም። ሽቦው አሸንዳውን በሚያቋርጥበት ቦታ ግን መስመሩ እንደ ቀለጠ ሻማ ወደ ታች ወረደ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ በደገምኩት ቁጥር የሚጎብጥበት ቦታ ይለያያል እንጂ መጉበጡ አይቀርም። ፎቶው 4000 በ3000 ፒክሰል ነው። ጠርዙን ቀጥ እንዳለ ለማቆየት ምን ማድረግ እንዳለብኝ የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የቧንቧ ውሃ ሰው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡35

ልጄ፣ ይህ ጉዳይ በጓሮ የሚያልቅ አይደለም። ባለቤቱ የቤቱን ካርታ ይዘው፣ እንጨቱ ደጃቸውን እንደዘጋባቸው የሚገልጽ ማመልከቻ ለመብራት አገልግሎት ይጻፉ። ባለሙያ መጥቶ ለክቶ፣ የማዛወሪያው ወጪ ይገመትና ከተከፈለ በኋላ ወደ ጎን ይወሰዳል። በገዛ እጅ ሽቦ መንካት ግን የሕይወት አደጋ ስላለው አደራ እንዳትሞክሩት።

የጦሳ ግርጌ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

አባቴ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። እኔ የጠየቅሁት እንጨቱ ከፎቶው ላይ እንዲጠፋ እንጂ ከመንገዱ ላይ እንዲነሣ አይደለም። ምናልባት አጻጻፌ ግልጽ አልነበረም።

ፈጣን እጅ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ራስህን አታድክም። ሽቦዎቹንም እንጨቱንም በላሶ ሰፋ አድርገህ ምረጥና Edit > Content-Aware Fill በለው። እኔ ለሠርግ ፎቶ በየሳምንቱ እጠቀምበታለሁ፤ ከኋላ ያለውን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ይሞላዋል። አንድ በአንድ በብሩሽ መልቀም የድሮ ሰው ሥራ ነው።

የቦርከና ዳር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ኮምቦልቻ ውስጥ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ፤ ላለፉት 14 ዓመታት የሰው ፎቶ ሳጸዳ ነው የኖርኩት። ፈጣን እጅ ያለው ለሰማዩ እውነት ነው። ለአሸንዳው ግን አይሆንም፤ ለታፔላው ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። Content-Aware Fill የሚሞላው ከሌላ ቦታ ቁራጭ እየለቀመ ስለሆነ፣ ሰፊ ምርጫ በሰጠኸው መጠን ጠርዙን ከየት እንደሚያስቀጥል ግራ ይገባዋል። አንዳንዴ አሸንዳውን በትክክል ያገናኘዋል፤ አንዳንዴ ከመስኮቱ ጥግ ቆርጦ ሰማይ ላይ ይለጥፍልሃል። አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን የናሙና ክልል በብሩሽ አጥፍተህ ሰማዩን ብቻ ብታስቀርለት ለሰማይ ሽቦ ጥሩ አገልጋይ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂው ልምጣ። መስመሩ ለምን እንደሚቀልጥ ካወቅህ መፍትሔው ራሱ ይታይሃል። የሂሊንግ ብሩሽ ዓይነት ሁሉ የወለሉን ሸካራነት ከሌላ ቦታ ይወስድና፣ ቀለሙንና ብርሃኑን ግን ብሩሹ ካረፈበት ቦታ ዳርቻ ጋር ያስማማዋል። ዳርቻው ዙሪያውን ሰማይ ከሆነ ማስማማቱ ያምራል። ግማሹ ነጭ ሰማይ፣ ግማሹ ጥቁር አሸንዳ ከሆነ ግን ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል፤ ያ የቀለጠ ሻማ የምትለው እርሱ ነው። ስለዚህ ሂሊንግ ጠርዝ አጠገብ መድረስ የለበትም። ከአሸንዳው 15 ወይም 20 ፒክሰል ሲቀርህ አቁም። በግድግዳው በኩልም እንዲሁ ከታች ወደ ላይ እየሠራህ መጥተህ፣ ከአሸንዳው በታች ያንኑ ያህል ሲቀር አቁም። አሁን ከሽቦው የቀረህ ጠርዙ ላይ የተቀመጠ አጭር ቁራጭ ብቻ ነው፤ እርሱ ለብቻው የሚሠራ ሌላ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ባዶ አዲስ ሌየር ላይ ይሁን። ሂሊንጉ ላይ Sample All Layers፣ ክሎኑ ላይ ደግሞ Sample: Current & Below መመረጡን አረጋግጥ። ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቆያል፤ የተበላሸውንም በላጲስ ታነሣዋለህ።

ለቀረው ቁራጭ Clone Stamp ያዝ። ክሎን አያስማማም፤ ያየውን ብቻ ይገለብጣል፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ብሩሹን ከሽቦው በእጥፍ ገደማ አስፋው፤ ጥንካሬውን 75 በመቶ አካባቢ አድርግ፤ Aligned ይመረጥ። ከዚያ ፎቶውን 300 በመቶ አቅርበህ፣ ከሽቦው በስተግራ ያለውን የዚያኑ የአሸንዳ የታችኛውን ጠርዝ ልክ መስመሩ ላይ በ Alt ጠቅ አድርግ፤ ከዚያ ሽቦው ካለበት ቦታ ላይ ልክ በዚያው መስመር ላይ አሳርፈው። ቀጥ ያለ መስመር በራሱ አቅጣጫ ሲንሸራተት በራሱ ላይ ስለሚተኛ፣ መስመሩ ያዘነበለ ቢሆን እንኳ ችግር የለውም። ከሌላ አሸንዳ፣ ከፎቁ ወለል መስመር ወይም ከጎረቤት ቤት ከወሰድክ ግን ዝንባሌው አይገጥምም፤ ጠርዞች ወደ ርቀት ሲሄዱ እየተጠጋጉ የሚሄዱ ስለሆነ ሁለት መስመሮች እኩል አያዘነብሉም።

ሰው የሚሳሳትባትን አንዲት ነገር በቁጥር ላሳይህ። አሸንዳህ ወደ ቀኝ በ20 ፒክሰል አንድ ፒክሰል ይወርዳል እንበል። ናሙናህን 60 ፒክሰል ከግራ ስትወስድ፣ 3 ፒክሰል ከፍ ብለህ መውሰድ አለብህ። እጅህ አግድም ብቻ ከሄደ የ3 ፒክሰል ደረጃ ይፈጠራል። 4000 ፒክሰል በ120 ሴንቲ ሜትር ሲታተም አንዱ ፒክሰል 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ ያች ደረጃ ወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ቀጥ ባለ መስመር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዓይን ፈጥኖ ያገኛታል።

የሐይቅ መንገድ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እኔም ተመሳሳይ ነገር ስለገጠመኝ ልጠይቅ። ባለፈው ዓመት የአጎቴን ቤት ፎቶ አጽድቼ በትልቅ ባነር አሳትሜ ነበር። ስክሪን ላይ ሽቦው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ባነሩ ሲመጣ ግን ሽቦው በነበረበት ቦታ ሁለት ቀጫጭን ነጣ ያሉ መስመሮች ሰማዩን አቋርጠው ይታያሉ። አታሚው «ማሽናችን ምንም አልጨመረም» አለኝ፤ እኔ ደግሞ አላመንኩትም። በእኔ ፎቶ ላይ ሽቦው የነካው ሕንፃ የለም፤ ሰማይ ብቻ ነበር።

የቦርከና ዳር — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እህቴ፣ አታሚው እውነቱን ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ራሱ ያሾለዋል፤ በዚህ የተነሣ ከጥቁር ሽቦ ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት ፒክሰል ያህል ከሰማዩ የነጣ ክፈፍ ይፈጠራል። አንቺ ብሩሽሽን በሽቦው ልክ ስላደረግሽው ሽቦው ሄዶ ክፈፉ ቀርቷል። ሽቦው 6 ፒክሰል ከሆነ ብሩሹ 12 ወይም 14 ይሁን።

ሳታሳትሚ ለማወቅ ደግሞ ከሁሉም ሌየር በላይ የ Curves ሌየር ጨምሪና መስመሩን ገደል እስኪመስል አቁሚው። ሰማዩ አስቀያሚ ይሆናል፤ ያልጠፋው ዱካ ሁሉ ግን እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። አርመሽ ስትጨርሺ ሌየሩን አጥፊው። የደሴን ጉም የለበሰ ሰማይ የምታነሡ ሁሉ ይህን ልመዱ፤ ነጭ ሰማይ ላይ ነጭ ዱካ በዓይን አይታይም።

የሐይቅ መንገድ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡48

አታሚውን ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ወልድያ ላይ ያለሁ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ፎቶሾፕ የሌለን ሰዎች ደግሞ በ GIMP ይህንኑ መሥራት እንደምንችል ለመጠቆም ያህል ነው። ክሎኑ በ C፣ ሂሉ በ H ይከፈታል፤ ናሙና የሚወሰደው ግን በ Alt ሳይሆን በ Ctrl ነው። Sample merged የሚለውን ካልመረጣችሁ ባዶው ሌየር ላይ ምንም አይሠራላችሁም፤ እኔ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብዬ ተቀምጫለሁ። ረጅም ሽቦ ስትሄዱበት አንዱ ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጋችሁ፣ Shift ይዛችሁ ሌላኛው ጫፍ ላይ ጠቅ ብትሉ ብሩሹ በመካከላቸው በቀጥታ ይሄዳል። ፎቶሾፕም እንዲሁ ያደርጋል። የተንጠለጠለ ሽቦ ስለሚረግብ ግን በአራት በአምስት አጫጭር ቁራጭ ከፋፍላችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእህታችን ከቦርከና ዳር ማብራሪያ የቀረ አለ። የስልኩ ሌንስ ሰፊ ከሆነ፣ በፎቶው ዳር ያለው አሸንዳ ራሱ ትንሽ ጎብጦ ነው የሚወጣው። ጎባጣ መስመር ደግሞ ሲንሸራተት በራሱ ላይ አይተኛም። ስለዚህ የሌንሱ ማጉበጥ ከምንም በፊት መታረም አለበት፤ ቤቱ ወደ ኋላ የወደቀ መስሎ የሚታየው ግን ሽቦው ከጠፋ በኋላ ቢታረም ይሻላል እላለሁ። ፎቶውን አስቀድሞ መጎተት ፒክሰሉን ያለሰልሰዋል።

የቦርከና ዳር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ስለ ሌንሱ ልክ ነህ፤ ረስቼው ነበር። አስቀድሞ ካልታረመ፣ አንተ ቀጥ አድርገህ የሠራሃት ቁራጭ በኋላ ሌንሱ ሲታረም ወደ ሌላ አቅጣጫ ትጎብጣለች።

ስለ መውደቁ ግን አልስማማም። ያ እርማት ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ እንዳለ ስለሚያቆየው፣ ለጠርዙ ብቻ ቢሆን በፊትም ሆነ በኋላ ለውጥ የለውም። እኔ በፊት የማደርገው ለመስኮቶቹ ስል ነው። የቤቱ ፊት ከተስተካከለ በኋላ እኩል የተሠሩ መስኮቶች በፎቶውም እኩል ስለሚሆኑ፣ የአንዱን ጠርዝ ገልብጬ ለሌላው መስጠት እችላለሁ። በኋላ የሚያርም ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ ማሳነስና ማጣመም ይኖርበታል።

ወልድያ ላይ ያለሁ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡55

እኔ መስኮት የምገለብጥበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ በልማዴ እቆያለሁ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አሳትሞ ያየ ሰው ካለ ይፍረደን።

የጦሳ ግርጌ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

እትዬ፣ እንዳሉኝ አድርጌ አሸንዳው ቀጥ አለ፤ በእውነት ገርሞኛል። ከአሸንዳው በላይ ግን የቆርቆሮው ጥርስ ይታያል፤ ማለቴ ሞገዱ ወጣ ገባ እያለ ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ነው። እዚያ ላይ የገለበጥኩት ቦታ አንዱ ጥርስ ሰፊ፣ አንዱ ደግሞ ግማሽ ሆነ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ጥርስ የወለቀበት አፍ መስሏል። ናሙናውን የወሰድኩት እርስዎ በምሳሌዎ እንዳሉት ከ60 ፒክሰል ላይ ነው።

የቦርከና ዳር — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡25

60 ያልኩት ለምሳሌ ነበር፤ አንተ ግን እንደ ሐኪም ማዘዣ ወሰድከው። አንዱ የቆርቆሮ ሞገድ ስንት ፒክሰል እንደሆነ ቁጠርልኝ።

የጦሳ ግርጌ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡33

አሥር ሞገድ ቆጥሬ 90 ፒክሰል ሆነ። አንዱ 9 ነው ማለት ነው።

የቦርከና ዳር — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

እንግዲያስ ነገሩ ይኸው ነው። 60 ለ9 ስድስት ሙሉ ሞገድና ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ግማሿ ጥርስ የመጣችው ከዚህ ነው። አሸንዳው ልሙጥ ስለሆነ የትኛውም ርቀት ይበቃዋል፤ ቆርቆሮው ግን ሙሉ ሞገድ ካልሆነ አይቀበልህም። 63 ብታደርገው ሰባት ሞገድ ሙሉ ይሆናል፤ በከፍታ የምትወጣው 3 ፒክሰልም አይለወጥም። በተግባር መቁጠር ሳያስፈልግህ፣ የአንዱን ጥርስ ጫፍ በ Alt ያዝና የተሰበረው ጥርስ ጫፍ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ አሳርፈው። ከሩቅ አትውሰድ፤ ቤቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ሞገዱ ወደ ቀኝ እየጠበበ ይሄዳል። ከ20 ሞገድ በኋላ 9 የነበረው 8 ሊሆን ይችላል።

ጫፉ አሁንም ወደ ሰማዩ የደማ ከመሰለህ፣ በ Polygonal Lasso ጥርሱን ተከትለህ የቤቱን ወገን ምረጥ፤ Feather ግማሽ ወይም አንድ ፒክሰል ስጠው። ምርጫው በርቶ ሳለ ክሎኑ ከመስመሩ አያልፍም። ቆርቆሮውን ጨርሰህ ምርጫውን ገልብጥና ሰማዩን ሥራ። Feather ዜሮ ከሆነ ግን ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ያልነካኸውን ጠርዝ አቅርበህ እይ፤ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሻገረው በሁለት ወይም በሦስት ፒክሰል ነው፤ ያንተም እንዲሁ መሻገር አለበት።

ፈጣን እጅ — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ጥርስ መቁጠር ከተጀመረ እኔ አልችልም፤ ለሰማዩ ብቻ ያልኩት ልክ መሆኑን መዝግቡልኝ። ስለ ታፔላው ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። የተሸፈኑት ሁለት ፊደላት ባለቤቱ ያውቋቸዋል፤ ተመሳሳይ የአማርኛ ፎንት ፈልጎ መጻፍ ነው።

ሁለት እርምጃ — ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡30

መርሳ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ታፔላው የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ፎንቱ ከጎኑ ካሉት ፊደላት ጋር ፈጽሞ አይስማማም። የሠዓሊው ብሩሽ «ሱ»ን እንዴት እንደቀጠለው፣ ቀለሙ ከታች የት ላይ እንደተላጠ ማንም አይገምትም። ከእንጨቱ ጀርባ ያለውን ነገር ከፎቶው ውስጥ ልታገኙት አትችሉም፤ እዚያ የለማ። ተመልሶ ማንሣት ነው የሚሻለው፤ ደሴ ውስጥ ያለ ሰው ፒያሳ ለመድረስ ምን ያቅተዋል?

እንጨቱ ቅርብ፣ ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ስትሄድ እንጨቱ ቤቱ ላይ ይንሸራተታል። ምን ያህል መራመድ እንደሚያስፈልግ በሂሳብ ይታወቃል። እንጨቱ ከአንተ 4 ሜትር፣ ቤቱ 20 ሜትር ይርቃል እንበል፤ የእንጨቱ ውፍረትም 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቤቱ የሚርቀው የእንጨቱን አምስት እጥፍ ስለሆነ፣ እንጨቱ ከግድግዳው ላይ 1 ሜትር ከ25 ይሸፍናል። አንተ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ብትሄድ፣ የሚሸፈነው ቦታ በአራት እጥፍ፣ ማለትም በ2 ሜትር ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። 2 ሜትር ከ1.25 ስለሚበልጥ ቀድሞ የተሸፈነው ሁሉ ይገለጣል። እንጨቱ ለቤቱ ከቀረበ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ 16 ሜትር ላይ ከቆመ፣ አንዲቱ ግማሽ ሜትር ግድግዳው ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ታንቀሳቅሰዋለች። ያኔ በርከት ያለ እርምጃ ይጠይቃል።

ሁለቱን ፎቶዎች በሁለት ሌየር አድርገህ Edit > Auto-Align Layers በላቸው። ካልገጠመ የላይኛውን ሌየር ወደ Difference ለውጠህ በእጅህ አራቱን ማዕዘን ጎትት፤ ግድግዳው ጥቁር ሲሆን ገጥሟል ማለት ነው። ሁሉም ቦታ ጥቁር ይሆናል ብለህ አትጠብቅ። አንተ ስለተንቀሳቀስክ ወደ ፊት የወጣው በረንዳ ከግድግዳው ጋር አብሮ አይገጥምም። አንተ የምትፈልገው ታፔላውና የመስኮቱ ጠርዝ ብቻ ስለሆኑ እነርሱን አግጥምና ሌላውን በማስክ ሸፍን።

የአይጠየፍ ደጅ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሥራችሁን አላጣጥልም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የከተማችን አሮጌ ቤቶች ከቀን ወደ ቀን እያነሱ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው ይህን ፎቶ አይቶ ፒያሳ እንዲህ ባዶ ሰማይ ነበረው ብሎ ያምናል። ሽቦውም የዚያ ዘመን አካል ነው። ቢያንስ ያልተነካው ቅጂ ከነቀኑ ይቀመጥ፤ ግድግዳው ላይ ያለችው ብረትም አትነካ።

የቦርከና ዳር — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡45

ያልተነካው ቅጂ መቀመጡ ግዴታ ነው፤ ለዚያም ነው በሌየር የምንሠራው። ስለ ብረቷ ግን እኔ ብሆን አጠፋታለሁ። ሽቦ የሌላት ብረት ግድግዳ ላይ ስትቀር፣ የጎደለ ነገር እንዳለ ለተመልካች የምትጠቁም እርሷ ናት።

የአይጠየፍ ደጅ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡52

እኔ ደግሞ እንድትጠቁም ነው የምፈልገው።

የጦሳ ግርጌ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡40

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያውን ባነሣሁበት ሰዓት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጉሙ እስኪገፍ ግማሽ ሰዓት፣ ታፔላው ፊት የቆመው ባጃጅ እስኪሄድ ደግሞ ሌላ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። የስልኩን ብርሃን ቆልፌ አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ አነሣሁ። እንጨቱ ከእኔ 5 ሜትር ያህል ስለነበር አንድ እርምጃ በቃኝ። ታፔላው ላይ የተሸፈኑት ፊደላት «ቆች» ናቸው፤ «ች» ደግሞ ሠዓሊው ቦታ ስላነሰው ከሌሎቹ አጥብቦ ነው የጻፋት። በፎንት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ በመጀመሪያ እይታ ያውቁብኝ ነበር።

መስኮቱና ታፔላው ገጥመዋል። ሁለት እርምጃ እንዳሉት በረንዳው አልገጠመም፤ በማስክ ሸፈንኩት። የቆርቆሮው ጥርስም ሞልቷል። አሁን የቀረኝ ያላሰብኩት ነገር ነው፦ እንጨቱ ጠፍቶ ጥላው ግድግዳው ላይ ቀርቷል። በሁለቱም ፎቶዎች አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው። በክሎን ላጠፋው ስሞክር የልስኑ ስንጥቅ ተደጋግሞ መታየት ጀመረ።

የቦርከና ዳር — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጥላ የት እንደሚወድቅ የሚወስነው ፀሐይዋ ያለችበት ቦታ እንጂ አንተ የቆምክበት ስላልሆነ፣ አንተ ብትራመድ እርሱ አይንቀሳቀስም። በክሎን አትንካው። ከጥላው ሥር ያለው ልስን ከነስንጥቁ አለ፤ የጎደለው ብርሃን ብቻ ነው። የ Curves ሌየር ጨምርና ጥላው የግድግዳውን ያህል እስኪበራ ከፍ አድርገው፤ ከዚያ ማስኩን ጥቁር ሙላና ጥላው ላይ ብቻ በነጭ ብሩሽ ክፈተው። ጥላው የሚበራው ከሰማይ በሚመጣ ብርሃን ስለሆነ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በዚያው Curves ውስጥ ሰማያዊውን ጥቂት ዝቅ አድርግለት። የብሩሽህ ጠርዝ እንደ ጥላው ጠርዝ ይለስልስ፤ የጥላ ጠርዝ እንጨቱ ለግድግዳው በቀረበበት ስለታም፣ በራቀበት ደግሞ የላላ ነው። ሁለቱ የማይገጥሙ ከሆነ በጥላው ዳር ቀጭን ብሩህ ወይም ጨለማ መስመር ይቀራል፤ እርሷን ብቻ በክሎን ንካት።

አስፋልቱ ላይ የተዘረጋው የጥላው ቀሪ ክፍልም እንዳይረሳህ። ብዙ ሰው ግድግዳውን ጨርሶ መሬቱን ይረሳዋል።

የጦሳ ግርጌ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

የግድግዳው ጥላ ሄደ፤ ስንጥቁም በቦታው አለ። አስፋልቱን ረስቼው ነበር፤ ነገ እመለስበታለሁ። ስለ ብረቷ ገና አልወሰንኩም፤ ሰኞ ሁለቱንም ቅጂ ይዤ ባለቤቱ ዘንድ እሄዳለሁ።